ለአንድ ተቀጥላ ክፍል ስንት ብሎኬት? ስንት ሲሚንቶ? ቆጠራው የባለቤቱ ሥራ ነው

በከተማችን አንድ ክፍል ከቤቱ ጋር አያይዞ መሥራት የብዙ ቤተሰብ ትልቁ ወጪ ነው። ልጅ ሲያገባ፣ ለማከራየት ሲታሰብ ወይም ቤቱ ሲጠብ የሚሠራው ይኸው ክፍል ነው። ታዲያ የዓመታት ቁጠባ የሚወጣበት ግንባታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ብጣሽ ወረቀት ነው። ብሎኬት ይህን ያህል፣ ሲሚንቶ ይህን ያህል፣ አሸዋ አንድ ቢያጆ ይላል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ልኬት የሌለበት ዝርዝር ይዞ ወደ መደብር መሄድ አይገባም። ይህን የምለው ግንበኛን ሌባ ለማድረግ አይደለም። ግንበኛ ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግበት በቂ ምክንያት አለው፤ ዕቃ መሐል ላይ ካለቀ ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተው ይውላሉ፣ ጭነት ለማምጣትም ሌላ ኪራይ ይከፈላል። ነገር ግን የእሱ ጥንቃቄ የሚከፈለው ከባለቤቱ ኪስ ነው። ስለዚህ ቆጠራውን ባለቤቱም ማወቅ አለበት። ከባድ ትምህርት አይጠይቅም፤ ሜትርና እርሳስ ይበቃል።

እስቲ አንድ ክፍል እንቁጠር። ውስጡ 4 ሜትር በ3.5 ሜትር ነው፣ በ4 ሜትሩ በኩል ከነባሩ ቤት ጋር ይያያዛል። ብሎኬቱ ባለ 20 ነው፤ ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20፣ ውፍረቱም 20 ሴንቲ ሜትር። በአራቱም ማዕዘን የኮንክሪት ኮለን አለ።

የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ይመጣል። ብዙ ሰው ዙሪያውን 15 ሜትር ብሎ ይይዝና በቁመት ያባዛል፣ ከዚያም ለአንድ ካሬ 13 ብሎኬት ይላል። በዚህ ስሌት 530 ያህል ብሎኬት ይመጣል። ግን አራተኛው ግድግዳ ቀድሞም አለ፤ ኮለኖቹ ቦታ ይይዛሉ፤ በርና መስኮትም ብሎኬት አይፈልጉም።

ትክክለኛው መንገድ በረድፍ መቁጠር ነው። አንድ ብሎኬት ከ1 ሴንቲ ሜትር መጋጠሚያው ጋር 41 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። የፊቱ ግድግዳ 4 ሜትር ስለሆነ 10 ብሎኬት ይወስዳል። የጎኖቹ ግድግዳዎች ከነባሩ ቤት አጠገብ ያለው ኮለን ሲቀነስ 3.3 ሜትር ስለሚሆኑ ለእያንዳንዳቸው 8 ይበቃል። አንድ ረድፍ 26 ብሎኬት ሆነ ማለት ነው። ረድፉ ከመጋጠሚያው ጋር 21 ሴንቲ ሜትር ስለሚነሳ 13 ረድፍ 2.73 ሜትር ቁመት ይሰጣል። 26 በ13 ሲባዛ 338 ነው። 90 በ210 የሆነው በርና 120 በ120 የሆነው መስኮት አንድ ላይ 38 ያህል ብሎኬት ያስቀራሉ። 300 ይቀራል። ለሚሰበረውና ለሚቆረጠው 5 በመቶ ሲጨመር 315 ይሆናል። ከ530 ጋር ሲነጻጸር ከ200 በላይ ብሎኬት ትርፍ ሊገዛ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። ነባሩ ቤት የጭቃ ከሆነ ኮለንንም ሆነ ብሎኬትን በጭቃ ግድግዳ ላይ ተማምኖ ማሰር አይቻልም። አራተኛው ግድግዳም መገንባት አለበት፤ ያኔ 130 ብሎኬት ይጨመራል።

አሁን ወደ ሲሚንቶው እንምጣ፤ ዋናው ገንዘብ የሚፈስሰው እዚህ ነው። በርና መስኮቱ ሲቀነስ ግድግዳው 26 ካሬ ገደማ ነው። መጋጠሚያው 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በብሎኬቱ ቀዳዳ የሚወድቀውና መሬት ላይ የሚቀረው ተጨምሮ፣ ለግንባታው ግማሽ ሜትር ኩብ ማልታ ይበቃል። ልስኑ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ፊት 52 ካሬ ነው፤ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሲለሰን ከብክነቱ ጋር 1.2 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ልስኑ ከግንባታው በእጥፍ የሚበልጥ ማልታ ይበላል። "ግድግዳውን ጨርሰናል፣ ሲሚንቶው ግን አለቀ" የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ዝርዝሩ ልስኑን በቅጡ ስላልቆጠረ ነው።

ማልታው አንድ እጅ ሲሚንቶ ለአራት እጅ አሸዋ ከሆነ፣ አንድ ሜትር ኩብ ማልታ ሰባት ተኩል ከረጢት ሲሚንቶና ከአንድ ሜትር ኩብ ጥቂት የሚበልጥ አሸዋ ይወስዳል። የእኛ ክፍል በአጠቃላይ 1.7 ሜትር ኩብ ነው፤ 13 ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው። እዚህ ላይ መለኪያው ይጠየቅ። አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፤ ገበያው ግን ዋጋ የሚጠራው በኩንታል ነው። 13 ከረጢት ስድስት ኩንታል ተኩል ነው። ወረቀቱ ላይ "13" ብቻ ተጽፎ በኩንታል ከተገዛ እጥፍ ተከፈለ ማለት ነው። የተረፈው ሲሚንቶም እርጥበት ስቦ ይጠጥራል እንጂ ለሌላ ዓመት አይቀመጥም።

አሸዋው በስሌት 1.8 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ነገር ግን እርጥብ አሸዋ ያብጣል፤ ከአምስት አንድ ወይም ከአራት አንድ ያህል የሚሆነው መጠን ባዶ ሊሆን ይችላል። ለልስን ሲነፋም ጠጠሩ ይወጣል። ስለዚህ 2.5 ሜትር ኩብ ማዘዝ ተገቢ ነው። "አንድ ቢያጆ" መለኪያ አይደለም፤ ከመራገፉ በፊት የመኪናው ሳጥን ርዝመት፣ ወርድና የአሸዋው ከፍታ በሜትር ይለካ። ጭቃነቱን ለማወቅ አሸዋውን በብርጭቆ ዕቃ ግማሽ ድረስ ጨምሮ፣ ውሃ ሞልቶና በጥብጦ ጥቂት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ከላይ የሚዘቅጠው ደቃቅ ከአሸዋው ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው ማልታውን ያደክማል።

ይህ ሁሉ ቁጥር የሚጸናው ግን ሥራው በልኩ ከተሠራ ነው። መጋጠሚያው 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለግንባታው የሚፈለገው ማልታ እጥፍ ሊደርስ ይቀርባል፤ ለዚህ ክፍል ብቻ ከ3 ከረጢት በላይ ይጨምራል። ማወቂያው ቀላል ነው። አምስት ረድፍ እንደተነሳ በሜትር ይለካ። 105 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደህና ነው፣ 110 ከሆነ ግን መጋጠሚያው ወፍሯል። ብሎኬት ተርፎ ሲሚንቶ ካለቀም ምልክቱ ይኸው ነው። ብሎኬቱም ሲራገፍ አሥሩን በአንድ መስመር ደርድሮ መለካት ነው፤ 4 ሜትር መሙላት አለባቸው። ካጠሩ 315ቱ አይበቃም።

ድብልቁ በአካፋ እየተቆጠረ መሠራት የለበትም፤ አንዱ አካፋ ይሞላል፣ ሌላው ይጎድላል። 50 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ይሠራ፤ የአንድ ከረጢት ሲሚንቶን መጠን ይይዛል። ለአንድ ከረጢት አራት ሳጥን አሸዋ ማለት ነው። ሲሚንቶ እያለቀ ሲመጣ ስድስትና ሰባት ሳጥን መጨመር ወጪ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን በጣት ሲነካ የሚረግፍ ልስን ነው።

ይህ ቆጠራ መሠረቱን፣ ኮለኑን፣ ቢሙንና ወለሉን አይጨምርም፤ እነሱ ኮንክሪት ስለሆኑ ለብቻቸው ይቆጠራሉ። የግድግዳው ነገር ግን ከዚህ አያልፍም። ግንበኛው ዝርዝር ሲያቀርብ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ፦ ስንት ረድፍ? መጋጠሚያው ስንት ሴንቲ ሜትር? አንድ ለስንት? የሚመልስ ግንበኛ ሥራውን ያውቃል፣ ጥያቄውም አያስቀይመውም። የማይመልስ ከሆነ ግን ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ማወቁ ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።