«በግል ምክንያት»

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ቤቴ መጣች። «ጋሼ፣ አንዲት ሳጥን አስቸግራኛለች» አለችኝ። ከፍታ ስታሳየኝ በኢንተርኔት የሚሞላ የሥራ ማመልከቻ ነው። ስም፣ ትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ ሁሉም ተሞልቷል። ከሥር ባዶ የቀረችው ሳጥን «በሥራ ታሪክዎ ውስጥ ክፍተት ካለ በአጭሩ ይግለጹ» ትላለች። የምትቀበለው 300 ፊደል ብቻ ነው፤ በቃላቱ መሐል ያለው ባዶ ቦታም ይቆጠራል።

ልጅቷ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ከጥቅምት 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የግል ድርጅት ስትሠራ ቆይታ፣ በየካቲት 2013 አባቷ ስትሮክ መትቷቸው አልጋ ሲይዙ ሥራዋን ለቀቀች። እስኪያርፉ ድረስ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። በግንቦት 2015 በኮንትራት ሥራ ተመለሰች፤ እስካሁንም እዚያው ናት። አሁን የምታመለክተው ቋሚ ቦታ ስለወጣ ነው።

መጀመሪያ እውነቱን ሁሉ ጽፋ ነበር። አባቷ እንዴት እንደወደቁ፣ ወንድሞቿ ክፍለ ሀገር በመሆናቸው ሌላ ሰው እንዳልነበረ፣ ሐኪሙ ያለውን፣ በመጨረሻም ይቅርታ። በሌላ ገጽ ላይ ጽፋ ወደ ሳጥኗ ስትገለብጠው 300ኛው ፊደል ላይ ተቆረጠ። አባቷ መሬት ላይ እንደወደቁ፣ ማንም ሳያነሳቸው ዓረፍተ ነገሩ አለቀ። ተናደደችና ሁሉንም አጥፍታ «በግል ምክንያት» ብላ ጻፈች። ወደ እኔ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል 11 ዓመት የአመልካች ፋይል ሳገላብጥ እንደኖርኩ ታውቃለች።

ስለዚህ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያደርግ ነገርኳት። አጣሪው መጀመሪያ የሚያየው ቀኖቹን ነው። ከአንዱ መሥሪያ ቤት የወጣችበትንና ወደሚቀጥለው የገባችበትን ወር ያያይዛል። መሐሉ ባዶ ከሆነ ዓይኑን ወደ ሳጥኗ ይወረውራል። እዚያ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ምክንያት፣ ነገሩስ አልቋል ወይ? ሦስተኛው ብዙ አመልካች የሚረሳው ነው። ለቀጣሪው ግን ዋናው እሱ ነው፤ ትናንት ያስቀራት ነገር ነገም ያስቀራት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

«በግል ምክንያት» ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም። ከዚያም ይብሳል፤ ክፍተቱን አጣሪው በራሱ ግምት እንዲሞላው ይፈቅዳል። ተባርራ ይሆን? ጉድለት ተገኝቶባት ይሆን? ለሒሳብ ሥራ በሚያመለክት ሰው ላይ ደግሞ ይኼ ጥርጣሬ ቀላል አይደለም። ሰዉ ቃሉን የሚመርጠው ገመናውን ለመሸፈን ነው፤ አንባቢው ዘንድ ሲደርስ ግን ገመና እንዳለ የሚያውጅ ይሆናል።

ገመና መግለጥም ግን አያስፈልግም። አማርኛችን «ማስታመም» የሚል ቃል አለው። ሙሉ ጊዜን፣ ሌሊትን፣ ኃላፊነትን በአንድ ቃል ይዟል፤ የበሽታው ስምና የሐኪሙ ንግግር ሳይጨመር አንባቢው ይገባዋል። ራሱ ታሞ የቆየ ሰውም «በሕመም ምክንያት፤ አሁን ድኛለሁ» ቢል ይበቃዋል። ድርጅቱ በጦርነት የተዘጋበትም እንዲሁ ብሎ መጻፍ ነው።

ከዚያ ቀኖቹን ማየት ጀመርን፤ እዚህ ላይ ከሳጥኗ የባሰ ችግር አገኘሁ። ቅጹ የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የቀድሞው ድርጅት የሰጣት የሥራ ልምድ ደብዳቤ በኛ አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ፣ በየዓመቱ ላይ 7 እየደመረች ሞልታዋለች። ጥቅምት 2007 ላይ 7 ሲደመር 2014 ይሆናል፤ ትክክል ነው። የካቲት 2013 ላይም 7 ደምራ ፌብሩዋሪ 2020 ብላለች። ይኼ ስህተት ነው፤ 2021 መሆን ነበረበት። 7 የሚደመረው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ነው። የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ያለው 8 ይደመርበታል። የኮንትራት ውሏ ደግሞ በፈረንጅ ቀን የተጻፈ በመሆኑ ሜይ 2023ን እንዳለ ገልብጣዋለች። በዚህ የተነሳ የሁለት ዓመት ከሦስት ወር ክፍተት ቅጹ ላይ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖ ቁጭ ብሏል። ያላቋረጠችውን አንድ ዓመት በገዛ እጇ ጨምራለች። ሳጥኗ ውስጥ «ሁለት ዓመት» ብትል ኖሮ ደግሞ ከቅጹ ጋር ስለማይገጥም አጣሪው ውሸት ነው ይል ነበር።

«ወሩን ትንሽ ብገፋውስ? ሐምሌ ድረስ ሠርቻለሁ ብል?» አለች፣ ግማሽ በቀልድ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ስለሆነ አልተቆጣኋትም። ግን አያዋጣም። የልምድ ደብዳቤው ላይ የለቀቀችበት ቀን አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 ከመቶ ለጡረታ በየወሩ ስለሚያስገቡ፣ መዋጮው የቆመበት ወርም በመዝገብ ይገኛል። ብዙ ቀጣሪዎች ከግል ድርጅት የመጣን ልምድ የሚቀበሉት የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ክፍተት ማንንም ከሥራ አያስባርርም፤ የተገፋ ቀን ግን ከተቀጠሩ በኋላም ያስባርራል።

አንድ ነገር ሳትነግረኝ ልትቀር ነበር። አባቷን በምታስታምምበት የመጨረሻ ስድስት ወር፣ ማታ ማታ የአክስቷን ሱቅ ሒሳብ በፒችትሪ ትመዘግብ ነበር። «ደመወዝ የለው፣ ግብር የለው፣ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለች። እውነት ነው፣ በዓመት ተቆጥሮ ልምድ አይሆንላትም፤ የሥራ ልምድ ሠንጠረዡ ውስጥም መግባት የለበትም። ለሳጥኗ ግን ከዚህ የተሻለ የለም፤ እጇ ከሥራው እንዳልራቀ ያሳያል፣ ቢጠየቅም አክስቷ ይመሰክራሉ።

ሻይ ሁለት ጊዜ ከተቀዳ በኋላ ይኼ ወጣ፤

«እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2021 እስከ ሜይ 2023 ከሥራ ወጥቼ አባቴን በሙሉ ጊዜዬ ሳስታምም ቆይቻለሁ። የማስታመሙ ኃላፊነት አብቅቷል። በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት የአንድ ሱቅ ሒሳብ በፒችትሪ መዝግቤአለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለማቋረጥ እየሠራሁ ነው።»

ወደ 150 ፊደል ነው፤ የሳጥኗ ግማሽ ባዶ ቀረ። አባቷ ማረፋቸውን አልጻፈችም። «አብቅቷል» የሚለው ለአጣሪው በቂ ነው፤ የቀረው የእሷ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ከጠየቋት የምትለውን ያህል ትላለች።

እኔም የምናዘዘው አለኝ። አንድ ጊዜ ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ 140 ፋይል ቀርቦልኝ በሁለት ቀን ለይተህ አቅርብ ተባልኩ። «በግል ምክንያት» ያሉትን በሙሉ ሳላነብ በግራ በኩል ደረደርኳቸው። እንዲህ አድርግ ያለኝ የለም፤ መመሪያም አልነበረም። ከነሱ መሐል ስንቱ አስታማሚ እንደነበር አሁን አላውቅም። ቅጽ የሚያዘጋጁ ባልደረቦቼ ሳጥኗን ከፍለው «ከመቼ እስከ መቼ? ምክንያት? አሁንስ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ያ የግራ ክምር ባጠረ ነበር።

ልጅቷ ልትልከው ስትል አንድ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። መጨረሻው ላይ፣ እኔ ሳላይ፣ «ይቅርታ» የሚል ቃል ጨምራ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ ምንም ሳልላት፣ አራቱን ፊደል አንድ በአንድ አጠፋቻቸው።