ብሔራዊ ባንክን የሸወደው ወርቅ ቦሩ ሜዳ ላይ ቢቀርብላችሁስ?

ብር ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ቁጠባውን ወደ ወርቅ የሚያዞር ሰው በዝቷል። ቦሩ ሜዳ ላይ አንድ ሰው «እህቴ ከሳዑዲ ያመጣችው 21 ካራት ሐብል ነው፣ ከደሴ ወርቅ ቤት በቅናሽ ልስጥህ» ቢላችሁ በምን ታውቃላችሁ?

በዓይን ማየት አይበቃም። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ጥፍጥፍ ወርቅ «ይሄ እኮ ወርቅ የተቀባ ብረት ነው» ተብሎ ተመልሶበታል። በጉዳዩ ከታሰሩት መካከል የባንኩ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ወርቁን መርምረው ማረጋገጥ ሥራቸው የነበረ ኬሚስቶችም ነበሩበት። ወረቀትና ማህተም ወርቅ አያደርግም ማለት ነው። ሐብሉ ላይ የተመታው 875 የሚል ቁጥርም (21 ካራት ማለት ነው) ማንም ሊመታው የሚችል ነው።

ማግኔት ብረትን ይይዛል፤ ያንን ጥፍጥፍም ያጋልጠው ነበር። ነሐስና መዳብ ላይ ግን አይሠራም። ጌጥ ላይ የሚያጋጥመን ደግሞ በአብዛኛው እነሱ ላይ የተቀባ ነው።

እኛ የምንመክረው ውሃ ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሐብሉን ደረቁን መዝኑ፤ 20 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱት። ሐብሉን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አስገቡት፤ የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ። እውነተኛ 21 ካራት ከሆነ ሚዛኑ 1.2 ግራም አካባቢ ያሳያል። ነሐስ ከሆነ 2.3 አካባቢ፣ ማለትም እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ወርቅ በትንሽ ቦታ ብዙ ክብደት ይይዛል፣ ነሐስ ግን ያንኑ 20 ግራም ለመሙላት ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ቅቡ ስስ ስለሆነ ቁጥሩን አይለውጠውም።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ሐብሉ ላይ የአየር አረፋ ከተጣበቀ፣ ውስጡ ክፍት ከሆነ ወይም ፈርጥ ካለው እውነተኛው ወርቅም ሐሰተኛ ይመስላል። 18 ካራት ደግሞ 1.3 አካባቢ ስለሚያሳይ ከ21 ጋር በቤት ሚዛን መለየት ያስቸግራል። እዚህ ላይ ነው ወርቅ ሠሪው የሚያስፈልገው። ግን ድንጋዩ ላይ አሽቶ አሲድ ከማድረጉ በፊት የማይታይ ቦታ ላይ በሞረድ ትንሽ እንዲፍቀው ጠይቁ፤ ያለዚያ የሚፈተነው ቅቡ ነው። ሻጩ «አይፋቅም» ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ጥፍጥፍ 24 ካራት ላይ ውሃውም ሊሸወድ ይችላል፤ ተንግስተን የሚባለው ብረት ክብደቱ ከንጹሕ ወርቅ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። እሱን የሚያጋልጠው መሐሉን መብሳት ወይም መቁረጥ ነው።