«ደህና ነኝ» ብቻ አያሳርፍም

ጀርመን የሚማር ልጅ ፈተና ሲወድቅ ለእናቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ነው። እናት ግን ያልተጻፈውንም ታነባለች። ስለ ትምህርቱ ዝም ካለ ከሆነው የባሰ ታስባለች፤ ወሬው በጎረቤት ልጅ በኩል ከደረሳት ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚላትን ሁሉ ትጠራጠራለች።

የሚያሳርፋት ችግሩ ከነልኩ ሲነገራት ነው። «እማ፣ ከአራት ፈተና ሦስቱን አልፌ ሒሳብ ወደቅሁ። እዚህ ድጋሚ ያስፈትናሉ፤ መጋቢት ላይ እፈተናለሁ። የቤት ኪራይ ከፍያለሁ፣ ብር አትላኪ። ውጤቱ የወጣ ቀን እደውላለሁ።» እዚህ ውስጥ «አልፋለሁ» የሚል የለም፤ ቃል የገባው በእጁ ያለውን፣ መደወሉን ብቻ ነው።

ሁለተኛውንም ከወደቀ ግን ደብዳቤው መለወጥ አለበት። በብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሦስተኛው ሙከራ የመጨረሻ ነው። እሱን መውደቅ ከትምህርቱ ያሰናብታል፣ የመኖሪያ ፈቃዱም የተሰጠው ለትምህርቱ ነው። ለቪዛው ሲባል ለዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ አካውንት ያስቀመጠ፣ ምናልባትም የተበደረ ቤተሰብ ይህን መስማት ያለበት ከሦስተኛው ፈተና በፊት ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት ሌላ ብር ከመበደሩ በፊት።