«በጣም ጠቃሚ መጽሐፍ ነው» ፍርድ አይደለም

አኖቴትድ ቢብሊዮግራፊ የሚያርሙ ብዙ መምህራን በአንድ ነገር ይታለላሉ። ተማሪው መጽሐፉን ካጠቃለለ በኋላ «በጣም ጠቃሚ ነው» ብሎ ከጨረሰ፣ የገመገመ ይመስላቸዋል። አልገመገመም!

አንድ ተማሪ የምኒልክ ጦር ወደ ዓድዋ ሲዘምት ስንቁን ከየት እንዳገኘ ያጠናል እንበል። እ.ኤ.አ. በ1902 ስለታተመው የበርክሌይ መጽሐፍ «የዓድዋን ዘመቻ ይተርካል፤ ለጥናቴ በጣም ጠቃሚ ነው» ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ሐረግ ከሽፋኑ የሚነበብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ታሪክ ሥር ቢለጠፍም ሳይቀየር ይሠራል። የትም የሚገጥም ቃል ማንንም አልመዘነም።

ፍርድ እንዲህ ነው፦ «በርክሌይ በአመዛኙ በጣሊያን ምንጮች ስለተደገፈ ለጣሊያን ጦር እንቅስቃሴ ይጠቅማል፤ የኢትዮጵያን ጦር ስንቅ ግን ከውጭ ሆኖ ነው የሚያየው። ስለዚህ የምጠቀምበት ለክንውኖች ቅደም ተከተል ብቻ ነው።» እዚህ ውስጥ ውዳሴም ነቀፋም የለም። መጽሐፉ የሚታመንበት ቦታ፣ የማይታመንበት ቦታ፣ ከጥያቄው ጋር ያለው ርቀት አለ።

አራሚው እንግዲህ ማስታወሻውን ከአንዱ መጽሐፍ አንሥቶ በሌላው ሥር ያስቀምጠው። ከገጠመ፣ የግምገማው ነጥብ ዜሮ ነው።