የመጀመሪያዎቹ ስምንት ቪዲዮዎች

ቲክቶክን ዛሬ ገና ስልኩ ላይ የጫነ ሰው ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያስጠላው አልጎሪዝሙ አያውቅም። ቪዲዮ ማሳየት ግን በዚያችው ቅጽበት መጀመር አለበት። ታዲያ ከምን ይነሳል?

ኩባንያው በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ መሠረት፣ አዲስ ተመልካች መጀመሪያ የሚወዳቸውን ዘርፎች እንዲመርጥ ይጋበዛል፤ ይህን ሳይነካ ካለፈ ሰሞኑን ብዙ ሰው ያያቸው ቪዲዮዎች ይቀርቡለታል። አክሲዮስ የተባለው የአሜሪካ የዜና ተቋም በዚያው ዓመት እንደዘገበው የመጀመሪያው ዙር ስምንት ቪዲዮ ነው። ስምንቱ በርዕስም በሙዚቃም እንዲለያዩ ተደርገው ይመረጣሉ። ምን እንደሚወድ ለማይታወቅ እንግዳ በያይነቱ አቅርቦ እጁ ወዴት እንደሚሄድ እንደማየት ነው። እጁ የሄደበት ታይቶ ሁለተኛው ስምንት ይዘጋጃል፣ ከዚያም ሦስተኛው።

ከደሴ ሪያድ ለሥራ የሄደች አንዲት ወጣት እናስብ። ስልኳ አዲስ ነው፣ የስልኩ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፣ ሲም ካርዱ የሳዑዲ ነው። የአገርና የቋንቋ መረጃ ኩባንያው ራሱ ደካማ ምልክት የሚለው ነው። በመጀመሪያው ምሽት ግን ከእሱ ሌላ የሚያዝ ነገር የለም። ስለዚህ የሚመጣላት በአብዛኛው እዚያ አካባቢ ብዙ ሰው የወደደው ነው። የአረብኛውን ቀልድ በሁለት ሰከንድ ታልፈዋለች። ሦስተኛው የመኪና አደጋ ነው፣ ሃያ ሰከንድ። ትደነግጣለች፣ ጣቷ ይደርቃል፣ እስከ መጨረሻው ታያለች፤ ቪዲዮው ራሱን ሲደግምም ገና አልነቃችም። ስድስተኛው ላይ እንደ ዕድል ሆኖ አንዲት ሴት እንጀራ ስትጋግር ይመጣላታል፣ አርባ ሰከንድ። ፈገግ ትላለች፣ የምታውቀው ነገር ስለሆነ በአሥረኛው ሰከንድ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች።

ልቧን ያሞቀው እንጀራው ነው። የተመዘገበው ግን ሌላ ነው፤ አደጋው ሙሉ በሙሉ ታይቶ ተደግሟል፣ እንጀራው ሩቡ ብቻ ታይቷል። ሁለተኛው ስምንት ውስጥ ሌላ አደጋ ቢመጣባት አይገርመኝም።

ኒው ዮርክ ታይምስ በ2021 መጨረሻ ከኩባንያው ውስጥ የወጣ ሰነድ አግኝቶ የስሌቱን ቀለል ያለ መልክ አሳትሞ ነበር። ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ተመልካቹ ላይክ የማድረጉ ዕድል፣ ኮሜንት የመጻፉ ዕድል፣ የማጫወቱ ዕድልና ሊያየው የሚችለው የጊዜ ርዝመት ይገመታሉ፤ እያንዳንዱ በተሰጠው ክብደት ተባዝቶ ይደመራል፣ ከፍተኛ ድምር ያገኘው ይቀርባል። በዚህ ድምር ውስጥ «ለምን ቆየ?» ለሚለው ጥያቄ ቦታ የለም። ድንጋጤም ደስታም እኩል ሰከንድ ነው።

መሐንዲሶቹ ለምን ጊዜን እንደመረጡ ይገባኛል። አዲስ ሰው ላይክ ለመጫን ያመነታል፣ ኮሜንትማ አይጽፍም። የቆየበት ሰከንድ ግን ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ሳይጠየቅ የሚገኝ መረጃ ነው።

ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2021 ከመቶ በላይ አካውንቶችን በኮምፒውተር እያንቀሳቀሰ ሞክሮ ነበር። አንደኛው ሐዘንና ድባቴ ያዘለ ቪዲዮ ሲመጣ ቆም እንዲል ብቻ ተደረገ። 224 ቪዲዮ ካየ በኋላ፣ በጠቅላላው 36 ደቂቃ ያህል፣ አልጎሪዝሙ ይህን ፍላጎት ለይቶ አውቆት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከቀረቡለት 93 በመቶው ስለ ሐዘንና ድባቴ ነበሩ። ኩባንያው ሰው እንደ ሮቦት አንድ ነገር ብቻ አይወድም ሲል ተከራክሯል። እውነት ነው፣ ሰው ይለያያል። ግን አገሯን ለቃ ሌሊት ብቻዋን ስልክ የያዘች ልጅ በዚያች ሰዓት ከሮቦቱ ብዙ ላትለይ ትችላለች።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ በመጀመሪያው ሰዓት ለመቆያ ጊዜ የሚሰጠው ክብደት ይቀነስ፣ አዲሱ ተመልካች በፈቃዱ የሚያደርገው ነገር ይብለጥ። ላይክ፣ ፎሎው፣ በመፈለጊያው ላይ በአማርኛ የጻፈው ቃል። እነዚህ ሰው አስቦ የሚያደርጋቸው ናቸው፤ የደረቀ ጣት ግን የታሰበበት መልስ አይደለም።

ያ እስኪሆን ልጅቷ በእጇ ያለው ቀላል ነው። የእንጀራውን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ትየው፣ ላይክ ታድርገው፤ አደጋው ላይ ጣቷን ተጭና ስታቆይ የሚመጣውን «Not interested» ትንካ። ገጹ ከተበላሸባት በኋላ ከሆነም በማስተካከያው ውስጥ «Refresh your For You feed» የሚል አለ፤ ከ2023 ጀምሮ የተጨመረ ነው፣ ልክ ዛሬ እንደገባች አዲስ ሰው ያደርጋታል። ከዚያም ብዙ ሰው የወደደው ነገር እንደገና ይመጣል፣ አደጋውም አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የዚያን ጊዜ ጣቷ ሳይደርቅ ቶሎ ትለፈው።