«ተግዳሮቶች» ጭብጥ አይደለም!

በቃለ መጠይቅ የተሠራ የነርሲንግ መመረቂያ ጽሑፍ ስታገኙ የውጤት ምዕራፉን ግለጡ። ብዙ ጊዜ «የነርሶች ዕውቀት»፣ «ተግዳሮቶች»፣ «የመፍትሔ ሐሳቦች» የሚሉ ርዕሶች ይጠብቋችኋል። አሁን አባሪውን ግለጡ። ጥያቄዎቹም እነዚሁ ናቸው! ተመራማሪው መልሶችን በየጥያቄያቸው ደረደረ እንጂ አልተነተነም። ይባስ ብሎ «ጭብጦቹ ከመረጃው ወጡ» ይለናል። ብዙዎች የሚጠቅሷቸው ብራውን እና ክላርክ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን አባባል ተቃውመዋል። ጭብጥ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ተመራማሪው ይሠራዋል።

እንዴት? ምሳሌ ልፍጠር። ጥናቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስላለ ሕመም ነው እንበል። አንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ እንዲህ ትላለች፦ «ታካሚው አመመኝ ይለኛል። የመድኃኒቱ ሰዓት ገና ነው። ሐኪሙን ብቀሰቅሰው ይቆጣኛል። ትንሽ ቻል እለውና ከዚያ በኋላ በእሱ አልጋ በኩል ማለፍ አልወድም።»

ቸኳዩ ተመራማሪ ይህን «የግንኙነት ችግር» ብሎ ኮድ ይሰጠዋል፤ ነርሷም ከገጹ ጠፋች። ደጋግሞ ያነበበው ግን «ሐኪም ለመቀስቀስ መፍራት»፣ «ባዶ እጅ ማጽናናት»፣ «ከታካሚው መሸሽ» ብሎ ይጽፋል። ኮድ እንዲህ ነው፤ ንግግሩን ሳታዩ እንኳ ምን እንደተባለ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ኮዶቹን ከሌሎቹ ቃለ መጠይቆች ኮዶች ጋር ያገናኛል። ሌላዋ ነርስ «ያን ጊዜ ፋይል መሙላት እጀምራለሁ» ብላ ከሆነ፣ የመጀመሪያ ጭብጥ ብቅ ማለት ይጀምራል፦ ነርሶቹ የሚሸሹት ስለጨከኑ ሳይሆን የሚሰጡት ስለሌላቸው ነው።

እዚህ ማቆም ግን አይቻልም። ወደ ጽሑፎቹ ተመልሶ ጭብጡን የሚያፈርስ ሰው መፈለግ አለበት። ብዙ ዓመት ያገለገሉ አንዲት ነርስ «እኔ እደውላለሁ፤ ቢቆጣም ይመጣል» ይላሉ እንበል። እኚህን ሴት «ከሌሎቹ የተለዩ ናቸው» ብሎ መዝለል ማጭበርበር ነው። ጭብጡን የሚያስተካክሉት እሳቸው ናቸው፦ ማስታገሻው የሚደርሰው እንደ ሕመሙ ሳይሆን ነርሷ ሐኪሙን ለመድፈር እንዳላት አቅም ነው።

«ምን ለውጥ አለው?» ለምትሉ፣ የመጨረሻውን ገጽ እዩት። ከ«ተግዳሮቶች» የሚወጣው ምክር ያው የለመድነው «ለነርሶች ሥልጠና ይሰጥ» ነው። ከዚህኛው ጭብጥ የሚወጣው ግን ሌላ ነው፦ ሐኪሙ ከመተኛቱ በፊት «ሕመሙ ከባሰ ይህን ስጡት» የሚል ትእዛዝ በቻርቱ ላይ ይጻፍ። እርግጥ በጥቂት ሰዎች ቃለ መጠይቅ ይህ በስንት ሆስፒታል እንደሚደርስ ማወቅ አይቻልም። የት መፈተሽ እንዳለበት ግን ያሳያል።

ስለዚህ አማካሪዎች፣ ፈታኞች፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህን ጭብጥ ከቃለ መጠይቁ በፊት መጻፍ ትችል ነበር?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ጽሑፉን መልሱለት። ያቺ ነርስ በሌሊት ተረኝነቷ መካከል የነገረችውን ገና አላነበበውም።