ሰከንዱ ስንት ነው? ስለ አጭር አኒሜሽን በጀት አገማመት የቀረበ አስተያየት

የምርምር ውጤቱን በአጭር አኒሜሽን ለሕዝብ ማድረስ የሚፈልግ ተመራማሪ ለፕሮፖዛሉ የሚሆን አኃዝ ሲያፈላልግ፣ ባለሙያ ፊት ቀርቦ የሚጠይቀው ጥያቄ «ሰከንዱ ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው በራሱ ስሕተት የለበትም። ጨርቅ በሜትር እንደሚሸጥ ሁሉ አኒሜሽንም በሰከንድ ቢለካ አያስነቅፍም። ችግሩ የሚመጣው የተሰጠው መልስ ምን ምን እንደያዘ ሳይመረመር በፊልሙ ርዝመት ሲባዛ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው የሰከንድ ዋጋ ከሰው ተጠይቆ የሚገኝ ሳይሆን በራስ ሥራ ላይ በሰዓት ተለክቶ የሚወጣ መሆን አለበት ብዬ ነው፤ ከሰከንዱ ብዛት ጋር የማያድጉ ወጪዎችም ከዚህ ስሌት ተነጥለው ሊቀመጡ ይገባል።

ማስረጃዬ የማስተርስ ጥናቴ አካል ሆኖ የተሠራ የ90 ሰከንድ ፊልም ነው። ፊልሙ ስለ አጎበር አጠቃቀም የሚያስተምርና በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ ባለ ሁለት አውታር ሥራ ነው። ገጸ ባሕርያቱ አንዲት አዛውንት እናትና አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሲሆኑ፣ ራሳቸው፣ ክንዳቸውና እግራቸው ለየብቻ ተሥሎ በመገጣጠሚያ የተያያዘ ነው። አኒሜተሩ እያንዳንዱን ፍሬም እንደ አዲስ አይሥልም፤ የተገጣጠመውን አካል ያንቀሳቅሳል እንጂ። ይህ አሠራር ፍሬም በፍሬም ከመሣል በእጅጉ ይረክሳል። እኔ ግን በፕሮፖዛሌ ላይ ከሚገባው በላይ አርክሼው ነበር።

ስሕተቱ የጀመረው ከሙከራው ነው። በጀቱን ከመጻፌ በፊት አምስት ሰከንድ የሚረዝም አንድ ሾት ሠርተን ሰዓቱን መዘገብን። የተራኪዋ ድምፅ እየተሰማ ምስሉ በመንደሩ ላይ ቀስ ብሎ የሚያልፍበት ሾት ነበር፤ አምስት ሰዓት ፈጀ። እኔም አንድ ሰከንድ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ፊልሙም በ90 ሰዓት ያልቃል ብዬ ጻፍኩ። ለሙከራ የመረጥኩት ከሁሉ የቀለለውን ሾት መሆኑን ያኔ አላስተዋልኩም።

ሥራው ሲጠናቀቅ ከሰዓት መዝገቡ የወጣው ሥዕል ሌላ ነው። ከ90ው ሰከንድ 40ው እንደ ሙከራው ቀላል ነበር፤ አንዱ ሰከንድ አንድ ሰዓት ወሰደ። 35 ሰከንድ ደግሞ አንዲት ገጸ ባሕርይ ሳትናገር የምትንቀሳቀስበት መካከለኛ ሥራ ሲሆን፣ በሰከንድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ቀሪው 15 ሰከንድ ሁለቱ ሴቶች እየተነጋገሩ አጎበሩን የሚሰቅሉበት ክፍል ነው፤ እጅ ጨርቅ ይይዛል፣ ጨርቅ ይታጠፋል፣ አፍ ይናገራል። ይህ በሰከንድ ስድስት ሰዓት ወሰደ። ድምሩ 40፣ 87.5 እና 90 ሰዓት፣ በጠቅላላው 217.5 ሰዓት መሆኑ ነው። ከፊልሙ አንድ ስድስተኛ የሆነው ክፍል ከማንቀሳቀሱ ሥራ 41 በመቶውን በላ። እንግዲህ የሰከንድ አማካይ ዋጋ ትርጉም የሚኖረው ስቶሪቦርዱ ተሥሎ አልቆ እያንዳንዱ ሾት ከየትኛው መደብ እንደሆነ ከተቆጠረ በኋላ ነው። ሙከራውም ከከባዱ መደብ ቢያንስ አንድ ሾት ሊኖረው ይገባል፤ ያም ሾት ድምፁ ገብቶ፣ አማካሪው አይቶት፣ እርማቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ሰዓቱ መቆጠር አለበት።

ይህ መደብ ያለመለየት ጉዳይ በሥራው መሐልም ያታልላል። እኛ እንደ ብዙ ጀማሪዎች ከቀላሉ ጀመርን። በአራተኛው ሳምንት ማብቂያ 62 ሰከንድ ጨርሰን ነበር፤ 40ው ቀላል፣ 22ቱ መካከለኛ። ያጠፋነው 95 ሰዓት ነው፤ በሰከንድ ከአንድ ሰዓት ተኩል እምብዛም አይበልጥም። በዚህ ስሌት የቀረው 28 ሰከንድ 43 ሰዓት ያህል ይፈልጋል ተብሎ የአኒሜተሩ ውል በዚያው ልክ ታሰበ። የፈለገው ግን 122.5 ሰዓት ነበር። የሂደት ሪፖርት የሚጽፍ ሰው «ሁለት ሦስተኛው ተጠናቋል» ከማለቱ በፊት የቀረው አንድ ሦስተኛ የትኛው እንደሆነ ቢመለከት ይበጀዋል። ከከባዱ የጀመረ ሰው እንዲህ ዓይነት ድንጋጤ አይገጥመውም፤ የሚደነግጥ ከሆነም ገንዘቡ ሳያልቅ በፊት ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። አንድም ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ በፊት ግን 100 ሰዓት ወጥቷል። ለድርሰቱና ለስቶሪቦርዱ 24፣ የስቶሪቦርዱን ሥዕሎች ከጊዜያዊ ድምፅ ጋር በትክክለኛ ርዝመታቸው ለደረደርንበት አኒማቲክ 10፣ ሁለቱን ገጸ ባሕርያት ለመሣልና ለመገጣጠም 36፣ ለአምስት የጀርባ ሥዕሎች 30 ሰዓት ነው። መጨረሻ ላይ ምስሉን ከድምፅ አዋሕዶ ለማውጣት ሌላ 30 ሰዓት ተጨመረ። የመጀመሪያው 100 ሰዓት ፊልሙ ቢያጥርም እምብዛም አይቀንስም፤ ያው ሁለት ሴቶችና ያው ቤት ያስፈልጋሉና። በ90 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 1.1 ሰዓት ይደርሳል፤ ፊልሙ 30 ሰከንድ ብቻ ቢሆን ግን በሰከንድ 3.3 ሰዓት ይሆን ነበር። «በጀት ስለጠበበ ፊልሙን በአንድ ሦስተኛ እናሳጥረው» የሚለው መፍትሔ የተጠበቀውን ያህል የማያድነው ስለዚህ ነው። በተቃራኒው፣ ባለ ብዙ ክፍል ተከታታይ ፊልም ከሚሠራ ሰው የተገኘ የሰከንድ ዋጋ ለነጠላ ፊልም አይበጅም፤ የእሱ ገጸ ባሕርያት ዋጋቸው በብዙ ክፍሎች ላይ ተከፋፍሏል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው የእርማት ወጪ ይመስለኛል። የተለመደው አሠራር ከጠቅላላው ላይ አሥር በመቶ መጠባበቂያ መያዝ ነው። በእኛ ሥራ እስከዚህ ድረስ ያለው ድምር 347.5 ሰዓት ስለሆነ አሥር በመቶው 35 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፊልሙ ተጠናቅቆ ለጤና ባለሙያ ሲቀርብ አንድ ነገር ታየ፤ እናትየዋ አጎበሩን ሰቀለችው እንጂ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አልከተተችውም። ትንኝ የምታስገባ አጎበር የሚያሳይ የማስተማሪያ ፊልም ይዞ መውጣት አይቻልም። ስድስቱ ሰከንድ እንደገና ተሠራ፤ ከከባዱ መደብ በመሆኑ 36 ሰዓት ፈጀ፣ መጠባበቂያውም በዚያ ብቻ አለቀ። የትረካው ዓረፍተ ነገር ሲለወጥ ደግሞ ስድስት መካከለኛ ሰከንዶች ታርመው 15 ሰዓት ወሰዱ። አኒማቲኩን ለባለሙያዋ አሳይተናት ቢሆን ኖሮ የአጎበሩ እርማት አንዲት ሥዕል መቀየር፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ስለዚህ እርማት በመቶኛ ሳይሆን በሰከንድ ቢታቀድ እመርጣለሁ፦ ከከባዱ መደብ ስንት ሰከንድ፣ ከመካከለኛው ስንት ሰከንድ እንደገና ለመሥራት አቅም አለን? የዚያ መልስ በፕሮፖዛሉ ላይ ከተጻፈ አራሚውም የፈቃዱን ወሰን ያውቃል።

ሁለተኛው ቋንቋ ሌላው ያልታሰበ ወጪ ነበር። ድምፁን ብቻ መቀየር ይበቃል ብዬ ነበር። ባለሙያዋ በአማርኛ «እማማ» ብላ ስትጠራ ከንፈር ሁለት ጊዜ ይገጥማል፤ በአፋን ኦሮሞ «ኣዮ» ስትል ግን ፈጽሞ አይገጥምም። ከንፈሩ ሳይስተካከል ቢተው ተመልካቹ ወዲያው ያውቀዋል፣ ፊልሙም ለእሱ ያልተሠራ ትርጉም ይመስለዋል። የአፉን ቅርጾች በ15ቱ ሰከንድ ላይ ለመቀየር 30፣ በምስሉ ላይ የተጻፉትን ቃላት ለመተካት 6፣ የሾቶቹን ርዝመት ከአዲሱ ድምፅ ጋር ለማስማማት 8፣ በድምሩ 44 ሰዓት ወጣ። ከጅምሩ በብዙ ቋንቋ የሚወጣ ፊልም የሚያስብ ሰው ተናጋሪዋን ከጀርባ ወይም ከሩቅ እያሳየ ታሪኩን በተራኪ ድምፅ ቢያስኬድ አብዛኛው ይህ ወጪ አይኖርበትም።

አሁን ወደ ብር እንመለስ። ጠቅላላው ሥራ 442.5 ሰዓት ነው። በሰዓት 250 ብር ሒሳብ 110,625 ብር ይሆናል። ከዚህ ውጭ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ 41,000 ብር አለ። ለድምፅ ተዋንያንና ለስቱዲዮ የተጠየቅነው 20,000 ብር ነበር፤ ዋጋው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስን እንደማይጨምር ያወቅነው ደረሰኙ ሲቆረጥ ነውና 23,000 ሆነ። ለሙዚቃ 8,000፣ ለመጠባበቂያ ቅጂ ዲስክ 10,000 ወጣ። ለሶፍትዌር አልከፈልንም፤ ብሌንደርና ኦፕንቱንዝ በነፃ የሚገኙ ናቸው። በዶላር የሚከራይ ሶፍትዌር የሚጠቀም ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በብር የተያዘ በጀት ምን እንደሆነ ያስታውሳል። ድምሩ 151,625 ብር፣ በሰከንድ 1,685 ብር ገደማ ነው። የማንቀሳቀሱ ሥራ ብቻ ቢቆጠር 604 ብር ይሆን ነበር። ሁለቱም አኃዞች የአንድ ፊልም የሰከንድ ዋጋ ናቸው፤ «ሰከንዱ ስንት ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ ባለሙያ ሳይዋሽ ከሁለቱ አንዱን ሊሰጥ ይችላል።

አንድ ባልደረባዬ ሁለት ቋንቋ ስላለን የተጠናቀቀው 180 ሰከንድ ነው፣ ዋጋውም 842 ብር ብቻ ነው ሲል ተከራክሮኛል። ለሪፖርት የሚያምር አኃዝ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በዚህ አኃዝ ተመርቶ የ180 ሰከንድ አዲስ ፊልም የሚያቅድ ሰው መሐል መንገድ ላይ ይቀራል፤ የእኛ ሁለተኛ 90 ሰከንድ አዲስ ሥራ አልነበረምና።

ገንዘብ የሚሰጡ አካላት አንድ አኃዝ ብቻ ይፈልጋሉ የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። አንዱን አኃዝ መስጠት አይከፋም፤ ከሥሩ ግን ሦስት መስመሮች ይኑሩት፦ ከርዝመቱ ጋር የማያድገው ወጪ፣ በየመደቡ የሰከንድ ብዛትና ሰዓት፣ እንደገና ለመሥራት የተፈቀደው ሰከንድ። ለሚቀጥለው የ60 ሰከንድ ክፍል ያዘጋጀሁት ፕሮፖዛል በዚህ መልክ የተጻፈ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ስላሉ የመጀመሪያው መስመር ወደ 35 ሰዓት ወርዷል፤ በሦስተኛው መስመር ላይ ስድስት ከባድ ሰከንድ ተይዟል፤ አኒማቲኩ ለጤና ባለሙያዋ የሚቀርብበት ቀንም ከአኒሜተሩ ውል መጀመሪያ ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ ተመዝግቧል።